ቋንጣ በመቶ ግራም ስንት ፕሮቲን አለው? ከጥሬው ሥጋ ክብደት ተነስቶ ስለማስላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥጋ ቋንጣ ሲሆን ፕሮቲኑ ይጨምራል?

አይጨምርም። ገመዱ ላይ የተሰቀለው ሥጋ አንዲት ግራም ፕሮቲን ከየትም አያገኝም። የሚሄደው ውኃው ነው። ሞራና ጅማቱ የተነሳለት የበሬ ቀይ ሥጋ ከመቶ ግራሙ 74 ግራም ያህሉ ውኃ፣ 22 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 3 ግራም ያህሉ ስብ ሲሆን የቀረችው አንድ ግራም ገደማ ማዕድን ናት። ውኃው ሲተን ያው 22 ግራም ፕሮቲን በትንሽ ክብደት ውስጥ ተሰብስቦ ይቀራል። ስለዚህ «በመቶ ግራም» የሚለው ቁጥር ከፍ ይላል፤ በድስቱ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፕሮቲን ግን ያው የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አንድ ነገር ነው፦ የጥሬውን ሥጋ ፕሮቲን ካወቁ የቋንጣውን ለማወቅ የሚያስፈልግዎ ሚዛን ብቻ ነው።

መቼ መቼ ነው የምመዝነው?

ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ሞራው፣ ጅማቱና አጥንቱ ከተነሳ በኋላ፣ ጨው ከመነካቱ በፊት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥጋ ቤቱ የመዘነለትን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ገዝተው ሦስት መቶውን ለድመትና ለሾርባ ካነሱት፣ ስሌቱ የሚጀምረው ከሁለት ኪሎው ነው።

ሁለተኛው የጨውና የቅመም ሚዛን ነው። ጨው፣ ሚጥሚጣና ቁንዶ በርበሬውን በአንድ ሳህን ቀላቅለው ከነሳህኑ ይመዝኑ፤ ሥጋውን አሽተው ሲጨርሱ ሳህኑን መልሰው ይመዝኑ። ልዩነቱ ሥጋው ላይ የወጣው ነው። «አንድ እፍኝ ያህል» የሚባለው መለኪያ ለወጡ ጣዕም ይበቃ ይሆናል፣ ለዚህ ስሌት ግን አይበቃም።

ሦስተኛው ደርቆ ከገመድ ሲወርድ ነው። ከሦስቱ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ የሚካፈለው በዚህ ቁጥር ነው። በጥሬው ላይ ሃምሳ ግራም ቢሳሳቱ ውጤቱ የሚዛነፈው በአንድ ግራም ተኩል ገደማ ነው። በደረቁ ላይ ሃምሳ ግራም ቢሳሳቱ ግን በአራት ግራም ይዛነፋል። የሥጋ ቤት ትልቅ ሚዛን ለጥሬው ይሆናል፤ ለደረቁ አንድ ግራም የምትለይ የማድቤት ሚዛን ይሻላል።

አንድ ምሳሌ ከጥሬው እስከ ደረቁ ቢሰላልን?

የተጣራ 2,000 ግራም የበሬ ቀይ ሥጋ እንያዝ፤ ከኋላ እግር የወጣ፣ እንደ ጣት ቀጠን ተደርጎ የተዘለዘለ። በመቶው 22 ስለሆነ በውስጡ 440 ግራም ፕሮቲን አለ። ውኃው 1,480 ግራም ነው። ስቡ 60፣ ማዕድኑ 20 ግራም ነው። ውኃው ሙሉ በሙሉ ቢወጣ የሚቀረው 520 ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ይያዙት፣ በኋላ ይመለሳል።

60 ግራም ጨውና 40 ግራም ሚጥሚጣና ቁንዶ በርበሬ ታሸበት። ገመድ ላይ ሲወጣ ክብደቱ 2,100 ግራም ሆነ። ከአራት ቀን በኋላ ሲወርድ 760 ግራም መዘነ።

ስሌቱ ይህ ነው፦

የቋንጣው ፕሮቲን በመቶ ግራም = የጥሬው ፕሮቲን በመቶ ግራም × የተጣራው ጥሬ ክብደት ÷ የደረቀው ክብደት

22 × 2,000 ÷ 760 = 57.9

ይህ ቋንጣ በመቶ ግራም 58 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ወደ ኋላም መሄድ ይቻላል። 2,000ን ለ760 ሲያካፍሉ 2.63 ይመጣል፤ አንድ ግራም ቋንጣ ከ2.63 ግራም ጥሬ ሥጋ የወጣ ነው። ስለዚህ ፍርፍር ውስጥ 40 ግራም ቋንጣ ያስገባ ሰው 105 ግራም ጥሬ ሥጋ አስገብቷል፤ ያገኘውም 23 ግራም ፕሮቲን ነው። 105 ግራም ጥብስ ቢያደርገው ኖሮም የሚያገኘው ይህንኑ ነበር።

ያቺ 2.63 ስህተትንም እንደምታበዛ አይርሱ። የጥሬው ሥጋ ፕሮቲን 22 ሳይሆን 21 ቢሆን ውጤቱ ከ57.9 ወደ 55.3 ይወርዳል። ስለዚህ የቋንጣን ፕሮቲን ነጥብ አስቀምጦ እስከ አሥረኛ ክፍልፋይ መናገር ለመልክ ካልሆነ ፋይዳ የለውም፤ «ከ55 እስከ 60» ማለት ሐቀኛ መልስ ነው።

ጨውና በርበሬውን ከደረቁ ክብደት ልቀንስ?

የሚወሰነው በሚጠይቁት ጥያቄ ነው። የሚበሉት ቋንጣ ከነጨው ከነቅመሙ ነው፤ ስለዚህ ሳህን ላይ ያለውን ማወቅ ከፈለጉ አይቀንሱ፣ 760 ይሁን። ጨውና ቅመሙን ቀንሰው በ660 ካካፈሉ 66.7 ይመጣል፤ ይህ የሥጋው ብቻ ቁጥር ነው፣ የሚጎርሱት ቋንጣ ቁጥር አይደለም። ሁለቱ መካከል ወደ ዘጠኝ ግራም የሚጠጋ ልዩነት አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥጋ አድርቀው የተለያየ ቁጥር ሲይዙ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

በርበሬና ሚጥሚጣም የራሳቸው ትንሽ ፕሮቲን አላቸው። በ40 ግራም ውስጥ ያለው አምስት ግራም ገደማ ቢሆን፣ በመቶ ግራም ቋንጣ ላይ የሚጨምረው ከአንድ ግራም በታች ነው። ሊተዉት ይችላሉ።

ስለ ጨው ግን አንድ ነገር መባል አለበት። ፕሮቲኑ እንደሚሰበሰብ ሁሉ ጨውም ይሰበሰባል። 60 ግራሙ 760 ግራም ቋንጣ ውስጥ ገብቷል፤ ይህም በመቶው ስምንት ግራም ያህል ነው። 40 ግራም ቋንጣ ከሦስት ግራም በላይ ጨው ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን የሚለውን ካሰቡት፣ በቋንጣ ፕሮቲን አሟላለሁ የሚል ሰው ከፕሮቲኑ በፊት የጨው ጣሪያው ላይ ይደርሳል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ቋንጣውን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ቢደፋ የጨውን አንድ ክፍል ያስወጣል፤ ጥቂት ፕሮቲንም አብሮ ይሄዳል፣ ግን የሚያሳዝን አይደለም።

«ቋንጣ በመቶ ግራም 80 ግራም ፕሮቲን አለው» የሚል አይቻለሁ። ይሆናል?

በጨው የታሸ ቋንጣ ከሆነ አይሆንም። እዚህ ላይ ነው ያቺ 520 የምትመለሰው። ከምሳሌው ሥጋ ውኃ የሚባል ጠብታ ሳይቀር ቢወጣና ጨው ባይነካው፣ 440ን በ520 ሲያካፍሉ 84.6 ይመጣል። ከዚህ በላይ መውጣት አይቻልም፤ የቀረው ስብና ማዕድን ነው። ጨውና ቅመሙ ሲጨመር ደረቁ 620 ይሆናልና ጣሪያው ወደ 71 ይወርዳል። እሱም ቢሆን እንደ ድንጋይ ለደረቀ፣ ጥርስ ለማይደፍረው ሥጋ ነው። ሰው የሚበላው ቋንጣ ከመቶው ከ15 እስከ 20 የሚሆን ውኃ ይይዛል።

ስለዚህ ስሌትዎ ከ70 በላይ ካወጣ ሥጋው አያታልልዎት፣ ሚዛንዎን ይጠርጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ካልተጣራው ክብደት መጀመር ነው። በላይኛው ምሳሌ ከ2,000 ይልቅ ሥጋ ቤቱ የመዘነውን 2,300 ብናስገባ 66.6 ያወጣ ነበር፤ ሲያዩት የሚታመን ይመስላል፣ ግን ለድመት የተሰጠውን ሞራ ፕሮቲን ብሎ የቆጠረ ቁጥር ነው። ሌላው ምክንያት ከገመድ የጎደለ ሥጋ ነው። በሐረር ጊዲር መጋላ ገበያ አሞራ ከሰው እጅ ሥጋ ሲመነትፍ ያየ ሰው፣ ሜዳ ላይ የተሰቀለ ቋንጣ ምን እንደሚገጥመው አይጠይቅም። የተወሰደው ዝልዝል ደረቁን ክብደት ይቀንሳል፣ በወረቀት ላይ ደግሞ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርጋል! ዝልዝሎቹን ቆጥሮ መስቀልና ቆጥሮ ማውረድ ይህን ይፈታል።

ቋንጣው መድረቁን በምን አውቃለሁ? ድሬዳዋና ሐረር ለየቅል አይደሉም?

ለየቅል ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት፤ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ቀዝቀዝ ትላለች። አንድ ዓይነት ዝልዝል ድሬ ላይ ፈጥኖ ሲደርቅ ሐረር ላይ ቀናት ይጨምራል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ከምድጃ በላይ ካልተሰቀለ ላይደርቅም ይችላል። ስለዚህ «ይህን ያህል ቀን ስቀሉት» የሚለው ምክር ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው አይሻገርም። የሚሻገረው ክብደት ነው።

የሚሻለው ዘዴ አንድ ዝልዝል ለምስክርነት መምረጥ ነው። ከሁሉም ወፈር ያለውን ይምረጡ፤ ቀይ ክር ይሰሩበትና ከነጨው ከነቅመሙ ይመዝኑት። 150 ግራም ነው እንበል። በየማታው አውርደው ይመዝኑ። በመጀመሪያው ማታ ወደ 96፣ በሁለተኛው ወደ 68፣ በሦስተኛው ወደ 57፣ በአራተኛው 54 ይደርስና በአምስተኛውም 54 ላይ ይቆማል። ሁለት ቀን አንድ ቁጥር ሲሰጥ አየሩ የሚወስደውን ወስዷል፣ ከዚያ በላይ መስቀል ትርፉ አቧራና ዝንብ ነው። ከምሳሌያችን ጋር ማመሳከር ይቻላል፦ 2,100 ግራሙ 760 ሲሆን ከመቶው 36 ቀረ፤ የ150 ግራም 36 በመቶ ደግሞ 54 ነው።

ሌላ መለኪያም አለ። በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር አሠራር ሥጋ ደርቋል ተብሎ ጀርኪ በሚል ስም እንዲሸጥ ውኃው ከፕሮቲኑ ሦስት አራተኛ መብለጥ የለበትም። በእኛ ምሳሌ ፕሮቲኑ 440 ስለሆነ ውኃው ከ330 መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ደረቁን 620 ሲደምሩበት 950 ይሆናል። ያ ሁለት ኪሎ ሥጋ ከ950 ግራም በላይ እየመዘነ ከገመድ ከወረደ ገና ዝልዝል ነው፣ ቋንጣ አልሆነም። 760 ላይ ያለው ውኃ 140 ግራም ብቻ ነውና ከመስመሩ በደንብ ወርዷል። ይህ መለኪያ የመድረቅ እንጂ የደኅንነት ሙሉ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ግን ይታወቅ።

የሚያሳስተው ነገር ላዩ የደረቀ፣ ውስጡ የረጠበ ሥጋ ነው። ይህ የሚበዛው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ወፍራም ዝልዝል በቀትር ፀሐይና በትኩስ ነፋስ ሲመታ ላዩ ቶሎ ቅርፊት ይሠራና የውስጡን ውኃ መውጫ ይዘጋበታል። ላዩን ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ሲያጥፉት ግን ይለመጣል፤ ሲቆርጡት መሐሉ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለው ቋንጣ ክብደቱ ቶሎ የቆመ ይመስላል፤ ዕቃ ውስጥ ከገባ በኋላ የውስጡ እርጥበት ወደ ላይ ይወጣና በሳምንት ውስጥ ይሻግታል። መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች አድርጎ እኩል መዘልዘልና በቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን ነፋስ በሚገባበት ጥላ መስቀል ነው። በደንብ የደረቀው ሲታጠፍ ቃጫው ተሰንጥቆ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሲሰበርም ቀጭ ይላል።

ጨው ከነካሁት በኋላ ሌሊቱን ሳሳድረው ቀይ ውኃ ያወጣል። እሱን ብደፋው ስሌቱ ይበላሻል?

ጥቂት። ያ ቀይ ፈሳሽ ውኃ ብቻ አይደለም፤ በውኃ የሚሟሟው የሥጋው ፕሮቲን አለበት፣ ቀለሙም የመጣው ከዚያ ነው። መቶ ግራም ፈሳሽ ከደፉ ወደ አሥር ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ሊሄድ ይችላል። ከ440 ሲቀነስ ውጤቱን በአንድ ግራም ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ፈሳሹ ጨውም ይዞ ይወጣል። እንደታሸ ወዲያው ከሰቀሉት ይህ ጉዳይ አይኖርም።

የፍየልና የግመል ቋንጣስ?

የሐረርና የድሬዳዋ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ጥሬው የፍየል ሥጋ ከመቶው 20.6 ፕሮቲን፣ 76 ገደማ ውኃና 2 ግራም ከፍ ያለ ስብ አለው። ቀዩ የግመል ሥጋ 21 ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ውኃውም ከበሬ ትንሽ ይበልጣል። ጥሬውን ሲያወዳድሩ በሬው የበለጠ ይመስላል። ሲደርቁ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ጨው ሳይቆጠር ሦስቱም ከመቶ 18 እጅ ውኃ እስኪቀራቸው ቢደርቁ በመቶ ግራም 70 አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከቀይ ሥጋ ውኃውን ካነሱ የሚቀረው ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፣ የየትኛውም እንስሳ ይሁን። ውኃው የሚበዛው ሥጋ ሲደርቅ ይበልጥ ይቀላል እንጂ ፕሮቲኑ አያንስም። ስለዚህ የግመል ቋንጣ ከሁለት ኪሎ ጥሬ የሚወጣው ክብደት ከበሬው አነስ ቢል ማንም አልሰረቀም።

ውጤቱን የሚለውጠው የእንስሳው ዓይነት ሳይሆን ስቡ ነው።

ጮማ ያለበት ሥጋ ባደርቅስ?

ስብ አይተንም። ከመቶው 12 ስብ፣ 19 ፕሮቲን፣ 68 ውኃ ያለውን ሥጋ ያስቡ። ከላይ በተባለው ልክ፣ ጨው ሳይቆጠር፣ ሲደርቅ መቶው ግራም ወደ 39 ይወርዳል፤ ፕሮቲኑም በመቶ ግራም 49 ገደማ ይሆናል። ቀዩ ሥጋ በዚያው ድርቀት 69 ሰጥቶ ነበር። ጥሬው ላይ የነበረው የሦስት ግራም ልዩነት ደርቆ ሃያ ግራም ሆነ።

ከቁጥሩ በላይ የሚያስከፋው ግን ጣዕሙ ነው። ስቡ በአየርና በብርሃን ይጎመዝዛል፤ ጨውም ይህን ያፋጥናል እንጂ አይከለክልም። የቆየ ቋንጣ የድሮ ዘይት ሲሸት ምክንያቱ ሳይነሳ የቀረ ሞራ ነው። ስለዚህ ሻኛና ፍሪምባ ለሌላ ሥራ ይሁኑ፤ ለቋንጣ የኋላ እግሩ ቀይ ሥጋ ይበቃዋል።

ከድሬዳዋው የከፊራ ገበያ የተገዛ ቋንጣ ነው ያለኝ፤ ጥሬው ስንት እንደነበር አላውቅም። ማስላት እችላለሁ?

ይቻላል፣ በሌላ በር ግን ነው የሚገባው። የግራም አንድ አሥረኛ በምትለይ ሚዛን 20 ግራም ቋንጣ መዝነው ይውቀጡና በስስ ሳህን ዘርግተው በምጣድ ሳይሆን ከ100 እስከ 105 ዲግሪ በሞቀ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ለአራት አምስት ሰዓት ያቆዩት። አውጥተው ይመዝኑ፣ መልሰው ለግማሽ ሰዓት ያስገቡ፣ ዳግም ይመዝኑ፤ ክብደቱ ካልተለወጠ ውኃው አልቋል። 20 ግራሙ 16.3 ሆነ እንበል። የጠፋው 3.7 ግራም ነውና ውኃው ከመቶው 18.5 ነበር።

ቀጥሎ ጨውና ቅመሙን ይቀንሱ። በቤት የሚሠራ ቋንጣ ላይ በመቶ ግራም ከ10 እስከ 15 ግራም ብሎ መያዝ ያስኬዳል፤ በርበሬው ወፍሮ የሚታይ ከሆነ ወደ ላይኛው ይጠጉ። ከ100 ላይ 18.5 ውኃና 13 ጨውና ቅመም ሲቀነስ 68.5 የደረቀ ንጹሕ ሥጋ ይቀራል። ከቀይ ሥጋ ድርቅ ውስጥ 85 በመቶው ፕሮቲን ስለሆነ (ያው 440 ለ520 ነው) በ0.85 ያባዙ፦ 58.2። የጨው ግምትዎ 10 ቢሆን 60.8፣ 15 ቢሆን 56.5 ነበር። እንግዲህ ጥሬውን ሳያዩም ከ56 እስከ 61 ባለው ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ይህ መንገድ ስብ ያለበት ቋንጣ ላይ አይሠራም፤ 0.85 የቀይ ሥጋ ቁጥር ናት። ነጭ መስመር የሚታይበትና ሲታሽ ጣት የሚያወዛ ከሆነ ስሌቱን ይተዉት።

ፍርፍር ውስጥ ሲገባ፣ ወይም በቅቤ ሲቀመጥ ቁጥሩ ምን ይሆናል?

ድስት ውስጥ ሲገባ ቋንጣው ውኃውን መልሶ ይጠጣል። ከወጡ ለቅመው ቢመዝኑት 40 ግራም የነበረው 80 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በ58 ቢያባዙት ፕሮቲኑን እጥፍ አድርገው ቆጠሩት ማለት ነው። ሁልጊዜ ደረቁን፣ ድስት ከመግባቱ በፊት ይመዝኑ። ውስጡ ያለው 23 ግራም ነው፣ ሰው ሦስት ሆኖ ከበላውም ለእያንዳንዱ ስምንት ግራም እንኳ አይደርስም። እንጀራው የራሱን ያዋጣል፣ ያ ግን ሌላ ስሌት ነው።

በሱማሌ ቤተሰቦች ዘንድ የሚሠራው ሙቅማድ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ነው። ሥጋው ደቆ ከተቆረጠና ከተጠበሰ በኋላ በቅቤ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ዕቃው ውስጥ ያለው ክብደት የሥጋና የቅቤ ድምር ነውና የቋንጣን ቁጥር እሱ ላይ መለጠፍ ስህተት ነው። ሥጋውን በወንፊት አጥልለው ለብቻው ይመዝኑ፤ የጠጣው ቅቤ ስላለ ያኔም ውጤቱ ከቋንጣ ያነሰ መሆኑን ይወቁ።

ፀሐይና ሙቀት ፕሮቲኑን አይጎዱትም?

በገመድ ላይ ያለው ሙቀት ለዚያ አይበቃም። ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፣ ግን አይጠፋም፤ ሆድ ውስጥም ይፈጫል። ጉዳት የሚጀምረው ቋንጣው በኋላ በጠንካራ እሳት እስኪጠቁር ሲጠበስ ነው፤ ያኔ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በከፊል ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በላቦራቶሪ የሚለካው ናይትሮጅን ስለሆነ (በ6.25 ተባዝቶ ፕሮቲን ይባላል) ይህ ጉዳት በቁጥሩ ላይ አይታይም።

ቋንጣ ደርቋልና ሳይበስል መብላት ይቻላል?

በቤት የደረቀ ከሆነ አይመከርም። ጨውና ድርቀት ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያደርጋሉ እንጂ ያሉትን ሁሉ አይገድሉም፤ የኮሶ ትል ዕጭም በዚህ ብቻ ሞቷል ብሎ መተማመን አይቻልም። ቀቅሎ ወይም ጠብሶ መብላት ፕሮቲኑን አይቀንሰውም።

በግንቦት የመዘንኩት ቋንጣ በነሐሴ ከበደ። ምን ገባበት?

እርጥበት። ጨው ያለበት ቋንጣ ከአየር ውኃ ይስባል፣ የሐረር ክረምት ደግሞ ለዚህ አይሰስትም። 760 ግራም የነበረው 800 ቢደርስ 40 ግራም ውኃ ጠጥቷል፤ 440ን በ800 ሲያካፍሉ በመቶ ግራም 55 ይሆናል። ጠቅላላው ፕሮቲን አልተነካም፣ ቋንጣው ግን ለሻጋታ ተጋልጧል። ሲያጥፉት ከለመጠ ከምድጃ በላይ መልሰው ይስቀሉትና 760 ሲደርስ አየር በማያስገባ ማሰሮ ወይም ጣሳ ይክደኑት።